«ካልወጣህ ሂድ» አለኝ፤ ሄድኩ። ተባረርኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጎንደር ውስጥ በሚሠራ ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ ላይ የልስን ሠራተኛ ነኝ። ከድርጅቱ ጋር 3 ዓመት ሆኖኛል። በቀን 600 ብር ይከፈለኛል። ዝናቡ ከጠነከረ ወዲህ ወደ አራተኛው ፎቅ የምንወጣበት የአጣና መወጣጫ ይወዛወዛል። ፎርማኑን «እዚህ ላይ አልወጣም» አልኩት። «ካልወጣህ ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። አሁን ጓደኞቼ ስሜ ከአቴንዳንስ እንደወጣ ነገሩኝ። ለነፍሴ ብዬ እምቢ ስላልኩ ሊያባርሩኝ ይችላሉ? ካሳስ አለኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን አልወጣህ። እሱ ላይ አንከራከርም። ግን «ሄድኩ» ብለህ ያለፍካትን ነገር እስቲ ቆም ብለን እንያት። መቼ ነው የሄድከው? ትናንት ነው ወይስ ሦስት ሳምንት ሆኖሃል? በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ቦታው ላይ ተገኝተህ ነበር? ከፎርማኑ በላይ ላለ ሰው፣ ለሳይት መሐንዲሱ ወይም ለቢሮው፣ የነገርከው ነገር አለ? የጻፍካት አንዲት ወረቀት አለች? አንዱንም አልነገርከኝም። ሁሉም «የለም» ስለሆነ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ሠራተኞች በብዛት የሚሸነፉትም እዚሁ ላይ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልበልልህ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታው አደጋ እንዳያደርስ የማድረግን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለ አደጋው ማስረዳትና ማስተማር፣ የመከላከያ መሣሪያ መስጠት፣ የሥራ ቦታውን ደኅንነት መጠበቅ የእሱ ሥራ ነው። ያንተም ግዴታ አለ። የተሰጠህን መከላከያ በአግባቡ መጠቀም፣ የደኅንነት መመሪያ ማክበር፣ የመሣሪያ ጉድለት ወይም አንተ ልታስወግደው የማትችለው አደጋ ስታይ ወዲያውኑ ለአሠሪው ማሳወቅ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዛት፤ እንመለስባታለን።

እምቢ ስለማለት ደግሞ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 አለ። ሕይወቱን ወይም ጤንነቱን ከባድና ቅርብ አደጋ እንደሚያሰጋው በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ዞር ያለ ሠራተኛ በዚህ ሳቢያ ያልተገባ ጉዳት እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎታል። ችሎት ፊት በዋናነት የሚገለጠው ግን አዋጁ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 32 ያስቀመጠው መብት ያለማስጠንቀቂያ ሥራ የመልቀቅ መብት ነው፤ ያውም በቅድመ ሁኔታ። አደጋው ቅርብ መሆን አለበት። አሠሪው አደጋውን እንዲያውቅ መደረግ አለበት። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ እርምጃ ሳይወስድ መቅረት አለበት። ስለ አደጋው ለአሠሪው የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ የሠራተኛ ማኅበር፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም አንተ ራስህ ልትሰጠው ትችላለህ።

ወጥመዱ እንግዲህ ይኸው ነው። ሠራተኛው «ሂድ» ሲባል ተባረርኩ ብሎ ቤቱ ይገባል። ከወር በኋላ ክስ ሲመሠርት አሠሪው ቀርቦ ምን ይላል? «ማን አባረረው? ጠፋብን እንጂ!» ይላል። ፎርማኑም ምስክር ሆኖ ይቀርብና «ሥራህን ሥራ አልኩት፣ ተቆጥቶ ሄደ» ብሎ ይምላል። ሠራተኛው በእጁ ምንም የለውም።

አዋጁ ሠራተኛ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ፣ በጽሑፍም ማስጠንቀቂያ ከደረሰው፣ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው እንዲሰናበት ይፈቅዳል። ስለዚህ ቤትህ የተቀመጥክበት እያንዳንዱ ቀን ለአሠሪው ይቆጠርለታል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣ «አልቀበልም» የሚሉ አሉ፤ እባክህ ይህን አታድርግ። ተቀበል፣ ቀኑን ጻፍበት፣ በማግሥቱ በጽሑፍ መልስ ስጥ። «የቀረሁት በዚህ ቀን በዚህ መወጣጫ ላይ ውጣ ተብዬ ነው፤ መወጣጫው ከተስተካከለ ወይም ሌላ ሥራ ከተሰጠኝ ዛሬውኑ እገባለሁ» በል።

እምቢ የሚባለው መወጣጫውን ነው፤ ሥራ ቦታውን አይደለም። ፎርማኑ «ሂድ» ሲልህ ከመወጣጫው ሥር ዞር ብለህ «ምድር ላይ ያለውን ልስን ልሥራ፣ አሸዋ ልንፋ፣ ሲሚንቶ ላቡካ» ማለት ነበረብህ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሳይት ቢሮው። በማግሥቱም ጠዋት በሰዓትህ ተገኝተህ አቴንዳንስ ላይ እፈርማለሁ ማለት። አናስፈርምህም ካሉ ሁለት ባልደረቦችህ ይዩ። በር ላይ ከመለሱህም ሰዓቱንና የመለሰህን ሰው መዝግበህ ያዝ። ያኔ «ጠፋ» ማለት አይችሉም።

የማሳወቂያው ደብዳቤ ጠበቃ የሚጽፈው ዓይነት መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ዝርዝር ግን ይኑረው። «መወጣጫው አደገኛ ነው» ብቻ ብለህ ከጻፍክ «ፈሪ ነው» ይሉሃል። ያየኸውን ጻፍ። አጣናው ወደ ሕንፃው ገባ ወጣ እያለ ከተወዛወዘ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ጋር የሚያይዘው ማሰሪያ የለም ወይም ላልቷል። ወደ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ አግድም ሰያፍ የሚመታው ደጋፊ እንጨት ጎድሏል። ክረምት ላይ ዋልካ መሬት ውሃ ሲጠጣ ከሥሩ ጣውላ ያልተነጠፈለት አጣና ይሰምጣል፤ አንዱ እግር ከሌላው ዝቅ ሲል በዓይን ይታያል። የቆምክበት ጣውላ በሚስማር ተመትቷል? ከወገብ ከፍታ ላይ መያዣ አግዳሚ አለ? እንዲህ ብለህ ብትጽፍ ይበቃል፦

«ለ… ድርጅት ሳይት ቢሮ። ቀን… ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ አራተኛ ፎቅ ለልስን እንድወጣ በፎርማኑ ታዝዣለሁ። በምሥራቅ በኩል ያለው መወጣጫ ሁለት እግሮቹ መሬት ውስጥ ሰምጠዋል፤ ከግድግዳው ጋር የሚያይዘው ማሰሪያም የለም። በዚህ ሁኔታ መውጣት ለሕይወቴ አስጊ በመሆኑ እስከ… ቀን እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። እስከዚያው ሌላ ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ ሥራ ቦታዬም ላይ እገኛለሁ።»

«እስከ… ቀን» የምትለዋን አትዝለላት። ቀን ካልቆረጥክ አሠሪው መቼ እንዳጠፋ ማሳየት ይከብድሃል። «ሌላ ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የምትለው ደግሞ ከቀሪነት ክስ ታድንሃለች። በሁለት ቅጂ ጻፍና አንዱ ላይ ተቀባዩ ይፈርምልህ። አልፈርምም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላክና ደረሰኙን አስቀምጥ። ፎቶ አንሳ፤ ፎቶውን ላንድ ሰው በቴሌግራም ብትልከው ቀኑ ይመዘገብልሃል። በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተለው ቢሮ ሄደህም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲመጣ አመልክት። መወጣጫው ሳይፈርስ በፊት የሚጻፍ የተቆጣጣሪ ሪፖርት ከሦስት ምስክር ይበልጣል፤ ክስ መምጣቱን ሲሰሙ ሌሊቱን አጠናክረው የሚያድሩ አሉና።

አሁን ያንተ ጉዳይ። ሁለት መንገድ አለህ። ሁለቱን ባንድ ክስ ቀላቅለህ «አባረሩኝም፣ ለቀቅኩም» ካልክ ግን የራስህ ቃል ይጣላሃል።

አንደኛው «ከሕግ ውጭ ተሰናበትኩ» ነው። አሠሪ ሲያሰናብት ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ያንተ ግን በቃል ነው። የፎርማኑን ቃል የሰሙ ምስክሮች፣ ከአቴንዳንሱ መውጣትህ፣ በር ላይ መመለስህ እዚህ ይጠቅሙሃል። ወደ ሥራ ለመመለስ ከፈለግህ ክሱ ከሥራ ከተቋረጥክበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ክፍያ ብቻ ከሆነ 6 ወር አለህ።

ሁለተኛው በአንቀጽ 32 «በአደጋ ምክንያት ለቀቅኩ» የሚለው ነው። ይህ የሚያዋጣህ አስቀድመህ ካሳወቅክና እነሱ ካላስተካከሉ ነው። የምትለቅበትን ምክንያትና ቀንም በጽሑፍ ማሳወቅ አለብህ። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ይታገዳል። አደጋው ቀጥሏል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ብሆን ግን በዚያ ላይ አልቆምርም።

ሁለተኛው ከተሳካልህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜህን እንደጨረስክ እና 600 ብሩ ትክክለኛው አማካይ የቀን ደመወዝህ እንደሆነ ልያዝ። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን ነው፤ 18,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶው ይታከላል፤ ለሁለት ዓመት 12,000 ብር። በዚህ ላይ የ30 ቀን ካሳ፣ 18,000 ብር። ድምሩ 48,000 ብር ነው፤ ያልተከፈለህ ደመወዝና ያልወሰድከው ዓመት ፈቃድ ሲታሰብ ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱ ዝም ብለህ ጠፍተሃል ካለ ግን ይህ ይቀራል፤ አንተው እስከ 30 ቀን ደመወዝህ የሚደርስ ካሳ ልትጠየቅ ትችላለህ። እንግዲህ ልዩነቱን እየው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣ። የደኅንነት ቀበቶና ሄልሜት ተሰጥቶህ ነበር? «ይሞቀኛል» ብለህ ጥግ የጣልከው ከሆነ አሁኑኑ ለጠበቃህ ንገረው፤ ከአሠሪው አፍ አይስማው። ሠራተኛ ወድቆ ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ነገር ግን በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት ትእዛዝ መጣስ ወይም ጠጥቶ ሥራ መግባት ጉዳቱን «ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያመጣው» ሊያሰኝ ይችላል። ቀበቶ ተሰጥቶህ የምታስርበት ጠንካራ ነገር ካልነበረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሚወዛወዘው አጣና ጋር የታሰረ ቀበቶ አጣናው ሲወድቅ አብሮህ ነው የሚወድቀው። ይህንንም በደብዳቤህ ላይ አስገባው።

የቀጠረህ ዋናው ተቋራጭ ይሁን ሰብ ኮንትራክተሩም አጣራ። የተሳሳተ ድርጅት ከሰህ ሦስት ወርህን እንዳታቃጥል። የሥራ ውል ከሌለህ የደመወዝ ፔሮል ፎቶ፣ የባንክ ገቢ ወረቀት፣ የሳይት መታወቂያ፣ አብረውህ የሠሩ ሰዎች ስም ሰብስብ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አትጠየቅም። የግል ጠበቃ አቅም ከሌለህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስላለው እዚያ ቅረብ። እኔ የጻፍኩልህ አንተ በነገርከኝ ልክ ነው፤ ሰነዶችህን ያየ ሰው ሌላ ሊልህ ይችላል። ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ ወደ ሳይቱ ሂድ፣ ሁለት ሰው ይዘህ፣ ደብዳቤውን በእጅህ ይዘህ።