ኢንኮደሩ ቆሞ ለምን ይቆጥራል?

ጥያቄ፦ «የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለማሽን ቁጥጥር ሥራ በተሰጠኝ የተግባር ፈተና ላይ የዘንግን መዞር ኤ እና ቢ በተባሉ ሁለት መስመሮች የሚያሳውቅ ኢንኮደር ማንበቢያ ፕሮግራም ጻፍኩ። ኤ መስመር ከፍ ሲል የቢን መስመር አይቶ ይደምራል ወይም ይቀንሳል። ፈታኙ ዘንጉን በጣቱ ትንሽ ሲያነቃንቀው ግን ቁጥሩ ብቻውን እየጨመረ ሄደ። ለሁለተኛው ዙር ምን ላዘጋጅ?»

መልስ፦ ፈታኙ ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል፤ ጥሩ ፈታኝም ነው። ኤና ቢን እንደ አንድ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር አንብቢያቸው። ዘንጉ ወደፊት ሲዞር 00፣ 01፣ 11፣ 10 እያለ ወደ 00 ይመለሳል፤ ወደኋላ ሲዞር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ዘንጉ በ01 እና በ11 ድንበር ላይ ሲርገበገብ ኤ ደጋግሞ ከፍ ይላል፣ ቢ ግን 1 እንደሆነ ይቆያል። ፕሮግራምሽ መውጣቱን ሁሉ ይደምራል፣ መውረዱን አያይም። ርካሽ የሜካኒካል ኢንኮደር ላይ መገናኛው ሲነጥርም የሚደርሰው ይኸው ነው።

መፍትሔው ጠርዝን ትቶ ሽግግርን መቁጠር ነው። የቀድሞውንና የአሁኑን ሁኔታ አጣምረሽ ከ16 አማራጮች አንዱን ታገኛለሽ፦

```c
static const int8_t t[16] = {
  0, 1,-1, 0,  -1, 0, 0, 1,
  1, 0, 0,-1,   0,-1, 1, 0 };
s = ((s << 2) | ab) & 15;
pos += t[s];
```

`ab` ማለት ኤን በግራ፣ ቢን በቀኝ አድርገሽ በአንድ ጊዜ ያነበብሻቸው ሁለት ቢቶች ናቸው። ከመጀመሪያው ንባብ በፊት `s` የዘንጉን ትክክለኛ ሁኔታ ይያዝ። አሁን ከ01 ወደ 11፣ ተመልሶ ወደ 01፣ እንደገና ወደ 11 ቢል +1፣ −1፣ +1 ይሆናል፤ ድምሩ አንድ ነው። መንጠሩን ለማጥፋት መዘግየት መጨመር አያስፈልግሽም።

በሰንጠረዡ ውስጥ ካሉት ዜሮዎች አራቱ ግን ከሌሎቹ ይለያሉ፦ ከ00 ወደ 11፣ ከ01 ወደ 10 እና የእነዚህ ተቃራኒዎች። ሁለቱም ቢቶች በአንዴ ከተቀየሩ አንድ ሁኔታ አምልጦሻል፤ አቅጣጫውንም ማወቅ አይቻልም። እነዚህን በሌላ ቆጣሪ መዝግቢያቸው። ስህተቱ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ከሆነ ንባብሽ ዘግይቷል፤ በዝግታም ከታየ ሽቦውን ወይም የኤሌክትሪክ ረብሻን ጠርጥሪ። ይህ ቆጣሪ ሁሉንም አይይዝም። ከሁለት ንባቦች መካከል ዘንጉ ሦስት እርምጃ ወደፊት ከሄደ ሰንጠረዡ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ይቀበለዋል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። እጩዎች ይህን ሲናገሩ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ ፍጥነቱን አስልተሽ ግቢ። በአንድ ዙር 600 ምት የሚሰጥ ኢንኮደር 2400 ሽግግር አለው። በደቂቃ 3000 ዙር ማለት በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ ያ ደግሞ በሰከንድ 120,000 ሽግግር፣ በእያንዳንዱ መካከል 8 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ብቻ። ለእጅ ማዞሪያ በየሚሊ ሰከንዱ ማንበብ ይበቃል። በደቂቃ 3000 ዙር ለሚዞር ሞተር ግን ኢንተራፕት እንኳ ማይክሮኮንትሮለሩን ያስጨንቀዋል፤ ታይመሩ ራሱ ኢንኮደር የሚቆጥርበት ስልት ያለው ቺፕ እንደምትመርጪ ተናገሪ፣ ከነስሌቱ።