ከድሮን ከፍታ የግቢ ሬንደር፦ ጥያቄና መልስ

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ከላይ የሚታየው ሬንደሬ አሻንጉሊት ይመስላል። ምን ላድርግ?

ምስሉን ሳላይ ምን ልበልሽ? አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ብዥታው ነው። ድሮን ከሩቅ ሲያነሳ ቅርቡም ሩቁም እኩል ጥርት ይላል። የፊትና የኋላ ብዥታውን አጥፊው።

የማኅበር ቤት ይዣለሁ፦ 40 በ50 ሜትር ግቢ ውስጥ ስምንት ጂ+1 ቤት አለ። ካሜራውን የት ልስቀለው? ጎረቤቱንስ እስከ የት ልሥራ?

ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ካሜራውን 40 ሜትር ላይ ስቀልና ወደ ታች 40 ዲግሪ አዘንብለው። ሌንሱ 24 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬሙ 16:9 ይሁን። የመሃል እይታው ካሜራው ካለበት 48 ሜትር ርቆ መሬት ይነካል። የፍሬሙ ታችኛው ጠርዝ 20 ሜትር ላይ፣ ላይኛው 130 ሜትር ላይ ያርፋል። ግቢህን መሃል ላይ ብታስቀምጠው ከ23 እስከ 73 ሜትር ያለውን ይይዛል። ከኋላ አጥርህ ጀርባ 57 ሜትር ይቀርሃል ማለት ነው፤ መንገዱን ጨምሮ ሁለት ሦስት ረድፍ ቤት። በጎን ግን አትሰስት፣ እላይኛው ጠርዝ ላይ ፍሬሙ ወደ 190 ሜትር ይሰፋል። ካሜራውን ቀና አድርገህ 20 ዲግሪ ላይ ካደረስከው አድማሱ ይገባብሃል። ያኔ ከተማውን በሙሉ ልትሠራ ነው።

ሰላም ነው፦ ሣሩን በምን ልሥራው? ኮምፒውተሬ ተንፈራፈረ።

በቴክስቸር። 3840 ፒክሰል ስፋት ባለው ምስል፣ መሃል ላይ አንድ ፒክሰል ሁለት ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው። የሣር ቅጠል በዚያ አይታይም።

ቆርቆሮ በቆርቆሮ፦ ጣሪያው ለምን ውሸት ይመስላል?

ይሄን ስንቴ ልናገር? የቆርቆሮው መስመር ከጣሪያው አናት ወደ አሸንዳው ነው የሚወርደው፤ ውሃው እንደሚሄድበት። አራት ፊት ላለው ጣሪያ አንድ ቴክስቸር ስትለጥፍ ሁለቱ ፊቶች ላይ መስመሩ ተጋድሞ ይቀራል። ከመሬት ቆሞ የሚያይ አይነቃበትም። ከላይ ግን ጣሪያው ራሱ ነው የቤቱ ፊት! እያንዳንዱን ፊት ለብቻው አዙር። ስምንቱንም ጣሪያ አንድ ዓይነት አታድርግ፤ አንዱ ትንሽ ይደብዝዝ። ሮቶው ይቀመጥበት፣ ዲሹም ይተከል።

ገበያ ክፍል፦ የጎረቤቱን የዛገ ቆርቆሮ ካሳየን ማን ይገዛናል? እኛ ዙሪያውን አረንጓዴ ነው የምናደርገው።

ገዢው መጥቶ ሲያየውስ?

ሰርቬየሩ፦ እኔ በገበያ ክፍል በኩል ነኝ፣ ግን በግማሽ። የጎረቤቱ ቤት ቅርፁ ይግባ፣ ቀለሙ ይደብዝዝ።

ገበያ ክፍል፦ መጥቶ ሲያየው የሽያጭ ሠራተኛው ጉዳይ ነው 😄

እንግዲህ እኔ አላደርገውም። እናንተ እንደ ፍጥርጥራችሁ።

የሐዋሳው፦ ድሮኔን ኤርፖርት ወስደውብኛል። ማንን ላናግር?

ወንድሜ፣ እዚህ ስለ ሬንደር ነው የምናወራው። ፈቃድ ሳይዙ ማስገባት አይቻልም። ቀጣይ።

ጀማሪዋ፦ ፀሐይዋን በየት በኩል ላድርጋት?

ሰርቬየሩ፦ በደቡብ ነዋ። ቱቶሪያሉ ሁሉ እንደዚያ ነው።

የአውሮፓ ቱቶሪያል! ለታኅሣሥ ልክ ነህ። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ 6 እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በስተሰሜን ናት፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ጀማሪዋ፣ ሶፍትዌሩ ላይ ቦታውን አዲስ አበባ በይና ቀኑን ታኅሣሥ አድርጊው። ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቂ። ባለፈው የሠራሁት ግቢ በቤቶቹ መካከል 12 ሜትር ክፍት ቦታ ነበረው፣ ቤቶቹ እስከ ጣሪያው አናት 9 ሜትር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥላው 15 ሜትር ሆኖ ግቢውን ዋጠው። ደንበኛው «ጉድጓድ ነው እንዴ?» አለኝ። 4:30 ሳደርገው ጥላው ወደ 8 ሜትር አጠረ፤ ኮብልስቶኑ በራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሳይቀር ታየ።

ሰርቬየሩ፦ ሰኔ ላይስ ብናደርገው?

ክረምት ነው፣ ሰማዩን ደመና አድርገው። ደመና ካለ ደግሞ ጥላ ምን ሊሠራ?

ሰላም ነው፦ ጋሼ፣ ሣሩን በምን ነበር ያሉት?

ወደ ላይ ውጣና አንብብ።