«ሲነሱ ያዞራቸዋል» ብሎ ለሐኪም መጻፍ

«አባቴ ቡሬ ነው ያሉት፤ የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ፣ ሰሞኑን ያዞራቸዋል። እኔ ውጭ አገር ነኝ፤ ለሐኪማቸው ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያዞራቸዋል» ብለሽ ብቻ አትተዪው። ቤቱ ነው የሚሽከረከርባቸው ወይስ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል? የሁለቱ መንስኤ ይለያያል። ሲነሱ ከሆነ፣ አብሯቸው ያለ ሰው 5 ደቂቃ ካስተኛቸው በኋላ ግፊታቸውን ይለካ፤ ቆመው ደግሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገም። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው።

እንዲህ ጀምሪ፦ «ከሦስት ሳምንት ወዲህ አባቴ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል፤ አንዴ ወድቀዋል። ተኝተው 140/80፣ ቆመው 112/70። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ።» መጠኑን ከማሸጊያው ፎቶ ላይ ቅጂ፤ በቃል የተነገረሽን አትመኚ።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦
1. ማዞሩ ከኪኒኑ ሊሆን ይችላል?
2. መጠኑ ወይም ሰዓቱ ይቀየር?
3. የኩላሊትና የሶዲየም፣ የፖታሲየም የደም ምርመራ ያስፈልጋል?

ጾም ላይ ከሆኑ ሳትጽፊው እንዳትልኪ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ሲቆዩ ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል። አባቶች ደግሞ ካልተጠየቁ ይህን አይናገሩም። መልስ እስኪመጣ በራስሽ «ኪኒኑን ተዉት» አትበያቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም አንድ ጎናቸው ከዛለ ግን ደብዳቤ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዷቸው።