ዶሮ ከመግዛታችሁ በፊት መኖውን አስሉ

ልጆች፣ በዶሮ ነገር ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል፤ "የአገር ዶሮ ይሻላል ወይስ የተሻሻለ ዝርያ?" እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ መኖ ዓመቱን ሙሉ ታገኛላችሁ?

አንዲት ልጅ ሃያ የተሻሻሉ ቄቦች ገዛች። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ ለሃያው 2.3 ኪሎ መሆኑ ነው። ጥሩ በሚጥሉበት ጊዜ በቀን 16 እንቁላል ታነሳ ነበር። ለአንድ እንቁላል 144 ግራም መኖ ማለት ነው።

ከዚያ መኖው ከበዳትና ግማሹን በፉርሽካ ተካችው። ወጪው በሲሶ ቀነሰ፣ ደስ አላት። ከሳምንታት በኋላ ግን "ጋሼ፣ ዶሮዎቹ ታመሙብኝ መሰለኝ" ብላ ጠራችኝ። ሄድኩ። እንቁላሉን ሳነሳው ቅርፊቱ በጣቴ ስር ተሰነጠቀ። በሽታ አልነበረም። አንድ ቅርፊት ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፣ ፉርሽካ ደግሞ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ዶሮዋ ከመኖው ስታጣ ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች። ፕሮቲኑም ስላነሰ በቀን የምታነሳው ወደ 9 ወርዶ ነበር። አሁን ለአንድ እንቁላል 256 ግራም! መኖው በሲሶ ቢረክስም እያንዳንዱ እንቁላል ከበፊቱ የበለጠ አስወጣት።

ታዲያ የአገር ዶሮ? እሷ ጭራ አዳሪ ናት። ግቢው ሰፊ ከሆነ፣ ትልና ፍርፋሪ ካለ፣ ወጪዋ ከምንም አይቆጠርም። ግን 12 ወይም 15 ጥላ ልታቀፍ ትላለች፣ ከዚያ ጫጩት ስታሳድግ ወራት ያልፋሉ። በዓመት ከሃምሳ ብዙ የዘለለ አትጠብቁባት። ሰው የሚሳሳተው እሷን በረት ዘግቶ የጣይ መኖ ሲቀልባት ነው፤ ትበላለች፣ ትወፍራለች፣ አሁንም ልታቀፍ ትላለች። ጠባይዋ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ለእንቁላል ሽያጭ አትሆንም፤ ራሷን መተካቷ ግን ትልቅ ነገር ነው። የተሻሻለችዋን ዓመት ተኩል አካባቢ ሲሆናት በአዲስ ቄብ መተካት አለባችሁ፣ ያ ደግሞ እንደገና ገንዘብ ነው። ፈንግል ግን ሁለቱንም ይጨርሳል፣ የአገሯ አይዛትም የሚለውን አትስሙ፤ ክትባት ለሁለቱም።

ልጅቷን ስምንቱን ሽጪ አልኳት። አቅሟ የሚችለው ለአሥራ ሁለት ሙሉ መኖ ነበርና። ቅር እያላት ሸጠች። መጀመሪያ የተስተካከለው ቅርፊቱ ነው፣ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ተከተለ። አሁን ከአሥራ ሁለቱ 9 ታነሳለች፤ በፉርሽካው ጊዜ ከሃያው ታነሳ የነበረውን ያህል።