እኩል ነጥብ ያገኙ ስጋቶች እኩል ናቸውን? የስጋት ማትሪክስን በተመለከተ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

«የስጋት ማትሪክስ ስንሞላ አንዱ መሐንዲስ 2 ያለውን ሌላው 4 ይለዋል። የማንን እንያዝ?»

በስጋት ማትሪክስ እያንዳንዱ ስጋት ለመከሰት ዕድሉና ለሚያደርሰው ጉዳት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ነጥቡም የሁለቱ ብዜት ነው። ክርክሩ የተነሣው ቁጥሮቹ ትርጉም ሳይሰጣቸው ስለተሞሉ ይመስለኛል። «አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል ለፎርማኑ በየወሩ፣ ለቢሮ ሠራተኛው ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የመከሰት ዕድልን በዚህ ፕሮጀክት የሥራ ዘመን ውስጥ በመቶኛ ወስኑ፤ ለምሳሌ 1 ማለት ከ5 በመቶ በታች፣ 3 ማለት ከ20 እስከ 50 በመቶ፣ 5 ማለት ከ80 በመቶ በላይ ይሁን። ጉዳቱን ደግሞ ለገንዘብ፣ ለመዘግየትና ለሰው ደኅንነት በተለያዩ ዓምዶች ለክታችሁ ከሦስቱ ትልቁን ውሰዱ። አማካይ መውሰድ አደገኛ ነው፤ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር በገንዘብ 1፣ በመዘግየት 1 ቢያገኝ አማካዩ ከ3 በታች ይወርድና ሞት እንደ መለስተኛ ጉዳት ተመዝግቦ ይቀራል።

«የመሠረት ቁፋሯችን 4 ሜትር ጥልቀት አለው። የግድግዳው መደርመስ 2 በ5፣ 10 ነጥብ አገኘ። የፌሮ መዘግየት 4 በ3፣ 12 ሆነ። የዝናብ ውኃ ጉድጓዱን መሙላቱ 5 በ2፣ 10 ነው። ከፌሮው እንጀምር?»

ከፌሮው አትጀምሩ። በማትሪክሱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ደረጃን እንጂ መጠንን አያሳዩም፤ ጉዳቱ 5 የተባለ ስጋት 1 ከተባለው አምስት እጥፍ ብቻ ይከፋል ማለት አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ከአፈር ውጭ ቢሆንም መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። በዚህ ምክንያት ጉዳቱ 5 የሆነ ስጋት ሁሉ፣ የብዜቱ ውጤት ምንም ያህል ይሁን፣ በቀጥታ ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ እንዲቀርብ የሚያስገድድ ደንብ ማውጣት ይገባችኋል።

ከዚህም በላይ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ ሦስቱ መስመሮች እንደማይተዋወቁ ሆነው መመዝገባቸው ነው። ወደ ግድግዳው የሠረገ ውኃ የአፈሩን ክብደት ይጨምራል፣ የመያያዝ ኃይሉንም ያዳክማል፤ ስለዚህ በደረቅ ወቅት 2 የተባለው የመደርመስ ዕድል ከከባድ ዝናብ በኋላ 4 ቢባል አያስገርምም፣ ነጥቡም ወደ 20 ይወጣል። ውኃው ራሱ 10 ብቻ ቢያገኝም የሌላውን ስጋት በር የሚከፍተው እርሱ ነው። ስለሆነም ከአፋፉ ውጭ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ በጉድጓዱ ማዕዘን ውኃ ማጠራቀሚያ አዘጋጅቶ ፓምፕ መትከል፣ የተቆፈረውን አፈርም ከአፋፉ ማራቅ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግድግዳው በመሐንዲስ በተሠራ ንድፍ መሠረት በድጋፍ ይያዝ ወይም ተዳፋት ሆኖ ይቆረጥ፤ ይህ እስኪፈጸም ማንም ወደ ጉድጓዱ አይውረድ።

ለፌሮው የሚያስፈልገው ቀን ቆጠራ ነው። ከ8 ሳምንት በኋላ የሚፈለግ ከሆነና አቅራቢው 6 ሳምንት የሚፈጅበት ከሆነ፣ ለማዘዝ የቀራችሁ 2 ሳምንት ነው። የትእዛዙ ደብዳቤ ብዙ ወጪ ስለማይጠይቅ የቁፋሮውን ሥራ ሳያዘገይ ዛሬውኑ ሊጻፍ ይችላል።

«ግድግዳውን በድጋፍ ካስያዝን በኋላ፣ ሠራተኞቹም ሄልሜት ስላላቸው፣ 1 በ2 ብለን መዘገብነው። ልክ ነን?»

የመከሰት ዕድሉን ዝቅ ማድረጋችሁ ተገቢ ነው፤ ጉዳቱን ግን አይደለም። ድጋፉ መደርመስን ይከላከላል እንጂ ከተደረመሰ በኋላ አፈሩን አያቀልለውም፤ ሄልሜትም በደረት ላይ የሚወርድን አፈር አይመልስም። ሰው በጉድጓዱ ውስጥ እስከሠራ ድረስ ጉዳቱ 5 ነው፣ ቀሪው ነጥብም 1 በ5፣ ማለትም 5 ይሆናል። ወደ 1 የወረደውም ዕድል ቢሆን የሚጸናው ድጋፉ በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ሲፈተሽ ብቻ ነው። ብዙ መዝገቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ገና የታቀደውን ድጋፍ እንደተተከለ ቆጥረው ነጥቡን አስቀድመው ይቀንሳሉ። ስለዚህ የዛሬው ነጥብና ከሥራው በኋላ የሚጠበቀው ነጥብ በተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ።

«ቁፋሮውን ለሰብ ኮንትራክተር ሰጥተናል፣ ኢንሹራንስም አለን። ከመዝገቡ እናውጣው?»

አታውጡት። ኢንሹራንስ የገንዘቡን ዓምድ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ የሰውና የመዘግየት ዓምዶች ግን እንዳሉ ይቀራሉ፣ ትልቁ ነጥብም አሁንም የሰው ነው። በመዝገቡ ላይ የሚለወጠው የኃላፊው ስም ነው፤ ድጋፉን የሚተክለው የሰብ ኮንትራክተሩ ሰው፣ ፈትሾ የሚፈርመውም የእናንተ የሳይት መሐንዲስ ከነቀኑ በየስማቸው ይጻፉ።