ከእህት ልጅ የተላለፈ መጫወቻ፦ መጀመሪያ ይፈተሽ፣ ከዚያ ይታጠብ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ9 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። እህቴ ልጇ የተጫወተባቸውን ዕቃዎች በማዳበሪያ ሞልታ ሰጠችኝ። ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ኩቦች፣ ሙዚቃ የሚያሰማ የመጫወቻ ስልክ፣ የገላ መታጠቢያ ዳክዬ፣ የድብ አሻንጉሊትና አንድ የቆየ የእንጨት መኪና አለበት። የእህቴ ልጅ በቅርቡ ጃርዲያ ተብሎ ታክሟል። የእኔው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ሁሉንም በበረኪና ብዘፈዝፈው ይበቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃም። በተለይ ለጃርዲያ በረኪና አስተማማኝ አይደለም። ጃርዲያ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ነው፤ ያ ቅርፊት ክሎሪንን በደንብ ይቋቋማል። የወስፋት እንቁላልም እንዲሁ በበረኪና አይሞትም። እነዚህን ከመጫወቻ ላይ የሚያስወግዳቸው በሳሙና ተፈትጎ በብዙ ውሃ መለቅለቁ ነው፤ ቀሪውን ሙቀትና መድረቅ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው በብሩሹ ላይ ነው።

ሳፋውን ከማቅረብዎ በፊት ግን ማዳበሪያውን ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ ዘርግፈው እያንዳንዱን ዕቃ በእጅዎ ይፈትሹ። ተቅማጥ ቢይዘው ለማከም ጊዜ ይኖረናል፤ ጉሮሮው ላይ የተቀረቀረ ዕቃ ግን ጊዜ አይሰጥም። ደግሞም አንዴ ታጥቦ ያማረ መጫወቻ ደህና ስለሚመስል ማንም ተመልሶ አይመረምረውም።

ከስልኩ ይጀምሩ። የዚህ ዓይነት መጫወቻ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተለምዶ የሰዓት ባትሪ በምንለው፣ ሳንቲም በሚመስል ክብ ባትሪ ነው። ከጀርባው ያለው የባትሪ ክዳን በብሎን የታሰረ መሆን አለበት፤ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ወይም ብሎኑ ጠፍቶ በፕላስተር ከተለጠፈ ለልጅዎ አይስጡት። በተለይ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባትሪ ሲዋጥ የሕፃን የምግብ ቧንቧ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። እርጥቡ ሥጋ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ስለሚያገናኛቸው ኤሌክትሪክ መተላለፍ ይጀምራል፤ በዚህ የተነሳ ባትሪው በነካው ቦታ ላይ ኃይለኛ አልካላይ ይፈጠራል። ይህ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። መጫወቻው ድምፅ ማሰማት ቢያቆም እንኳ ባትሪው ውስጥ የቀረው ኃይል ለማቃጠል ይበቃል፤ “ሞቷል” ብለው መሳቢያ ውስጥ አይተዉት።

ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ብሎኑን በካቻቪቴ ፈተው ባትሪውን ያውጡና ውስጡን ይዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ባትሪው ፈስሷል፤ በባዶ እጅ ሳይነኩት ስልኩን ይጣሉት። ንጹሕ ከሆነ ውሃ ውስጥ አይንከሩት። ሳሙና በነካው በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎቹን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ያራግፉ፤ ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ያንሱለት። ባትሪውን የሚመልሱት ሲደርቅ ነው፤ ብሎኑንም እስከ መጨረሻው ያጥብቁት።

ቀጥሎ ስፋትን እንመልከት። ሶፍት የተጠቀለለበት የካርቶን ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በውስጡ ማለፍ የሚችል ማንኛውም መጫወቻ ወይም የመጫወቻ ቁራጭ ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ፋብሪካዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት መለኪያ ከዚህ ጠበብ ያለ፣ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የቤቱ ቱቦ ሰፋ ማለቱ ለጥንቃቄ ይጠቅማል። ኩቦቹን አንድ በአንድ ያስገቡ፤ ትንንሾቹን ለይተው ለታላቁ የአክስት ልጅ ይመልሱ። የሚንቀሳቀሱትንና የተለጠፉትን ነገሮች ደግሞ በኃይል ይሳቡ፦ የመኪናውን ጎማ፣ የድቡን ዓይንና አፍንጫ፣ የስልኩን ቁልፎች። ቱቦው ውስጥ የማያልፍ መኪና ጎማው ተነቅሎ ሊያልፍ ይችላል። ማግኔት ያለበት ዕቃ ካገኙም አይስጡት። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተጣብቆ ሊበሳ ይችላል፤ ለሁለት ቀን ያህል የሆድ ሕመም ብቻ መስሎ ስለሚቆይ ወላጅ ይዘናጋል። ከ22 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ገመድ ካለም ይቁረጡት፤ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

የእንጨት መኪናውን ቀለም በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። ከተላጠ ወይም ዱቄት ከሆነ አይስጡት፤ ለማጽዳትም አይድከሙ። የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ የሚያድግ አንጎልን ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ሳሙናም ሆነ በረኪና ቀለሙ ውስጥ ያለውን እርሳስ አያወጣም። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና መቀባት ይባስ ብናኙን ቤት ውስጥ ይበትነዋል። በዓይን አይቶ እርሳስ አለ ወይም የለም ማለት ስለማይቻል እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም፤ የተላጠ መጫወቻ ቦታው ቆሻሻ መጣያ ነው።

ዳክዬውን በውሃ ሞልተው ነጭ ስኒ ላይ ይጭመቁት። ጥቁር ፍርፋሪ ወይም የሚያሟልጭ ነገር ከወጣ ውስጡ ሻግቷል ማለት ነው። በትንሿ ቀዳዳ ብሩሽ አይገባም፣ ውስጡም ፈጽሞ አይደርቅም፤ በረኪና ቢያስገቡበት እንኳ የተጣበቀው ሽፋን ሥር አይደርስም። ሕፃን ደግሞ ይህን ዳክዬ አፉ ውስጥ አድርጎ ይጭምቀዋል። ይጣሉት፤ ሌላ ከገዙ ቀዳዳ የሌለውን ይምረጡ።

አሁን እጥበቱ ላይ ደርሰናል። ኩቦቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ የደረቀው ምራቅና የምግብ ቅሪት ይለሰልሳል። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ። ከላይ የሚታየው ገጽ ቀላል ነው፤ ቆሻሻው የሚቀረው ከሥር ባሉት ጎድጓዶች ውስጥና ማዕዘኖቹ ላይ ስለሆነ አንዱን ገልብጠው ብርሃን ላይ ይዩት፣ ቢጫ ወይም ግራጫ መስመር ካለ ገና ነው። የሚያለቀልቁት በሚፈስ ውሃ ይሁን። ቧንቧ ካልመጣ በጆግ ከላይ ያፍስሱ እንጂ መልሰው ያንኑ ሳፋ ውስጥ አይንከሩት፤ ያላቀቁት ነገር መልሶ ይለጠፍበታል።

ጃርዲያ ስለነበረ አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለ። ሙቀት የሚችለውን ጠንካራ ፕላስቲክ የፈላ ውሃ ውስጥ ይቀቅሉት። በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ነውና 3 ደቂቃ ያፍሉት። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ይሞክሩ፤ ለስላሳው ፕላስቲክ ይጣመማል። ሙቀት የማይችለውን በደንብ ከፈተጉ በኋላ ፀሐይ ላይ ፍጹም አድርቀው ለአንድ ሳምንት ደረቅ ቦታ ያቆዩት። የጃርዲያ ቅርፊት እርጥበት ላይ እንጂ ደረቅ ነገር ላይ ብዙ አይበረታም።

በረኪና ቦታው የት ነው? አንዱ ልጅ ትውከትና ተቅማጥ በያዘው ሰሞን የነካካቸው ዕቃዎች ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው፣ እነሱን ደግሞ በረኪና ይገድላል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 4 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሊትር፣ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ። አስቀድሞ ታጥቦ የተለቀለቀውን መጫወቻ 5 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ እንደገና አለቅልቀው ያድርቁት። ያልታጠበ ዕቃ ላይ ቆሻሻው ራሱ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፤ ብዙ ሰው በረኪና ተጠቅሞም የማይሳካለት በዚህ ምክንያት ነው። የተበጠበጠው በማግስቱ ስለሚደክም ይድፉት። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል።

የድቡን ጠንካራ ዓይኖችና አፍንጫ ቆርጠው በምትካቸው በክር ይጥለፉለት፤ ስፌቱ ከላላም ይስፉት። መለያው ላይ ከተፈቀደ በ60 ዲግሪ በማሽን ማጠብ በጣም ጥሩ ነው፤ በእጅ ከሆነ እጅዎ በሚችለው ሙቅ ውሃ በኦሞ እየጨመቁ ይጠቡትና የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ያለቅልቁት። ችግሩ ያለው ማድረቁ ላይ ነው። ፀጉሩ በአንድ ከሰዓት ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይሻግታል። በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት፤ ከዚያ እያገላበጡ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያውሉት። መሐሉን በጣትዎ ሲጫኑ ቅዝቃዜ ከተሰማዎት ወይም ከታመቀ ቤት የሚወጣው ዓይነት ሽታ ካለው ገና ነው። የእህትዎ ልጅ ሰሞኑን ቅማል ከነበረበት ድቡን በላስቲክ አጥብቀው አስረው 2 ሳምንት ያቆዩት፤ እከክ ከነበረ 1 ሳምንት ይበቃል። ልጅዎ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድቡ ቀን አብሮት ይጫወት እንጂ ሲተኛ ከጎኑ አይሁን፤ ለስላሳ ነገር ፊቱ ላይ ወድቆ ሊያፍነው ይችላል።

ከዚህ በኋላ አፉ የሚገቡትን በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ የአክስቱ ልጅ መጥቶ አብረው ከተጫወቱ ደግሞ በዚያው ምሽት።

ሁለት ምልክቶችን ግን ይወቁ። ልጅዎ በድንገት ለሃጭ ቢያዝረከርክ፣ ቢያስለው፣ ምግብ አልውጥ ቢል ወይም ባትሪ ከቦታው ቢጠፋ፣ ዋጠው ብለው ይገምቱና ወዲያውኑ ራጅ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲያስመልሰው አያድርጉ፣ ምግብም አይስጡት። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነና መዋጥ ለሚችል ልጅ በጉዞ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ቃጠሎውን ይቀንሳል፤ ከ6 ጊዜ አይበልጥም፣ ማር ፍለጋ ተብሎም ጉዞው አይዘግይ። ለእርስዎ የ9 ወር ልጅ ግን ማር አይሰጥም።

ሁለተኛው፣ በሚቀጥሉት 3 ሳምንታት ውስጥ ቅባት የበዛበትና የሚከረፋ ተቅማጥ ከሆድ መነፋት ጋር ከመጣበት የሰገራ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጃርዲያ በየቀኑ ሰገራ ላይ አይታይም፤ የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ነው ቢልና ተቅማጡ ቢቀጥል፣ በሌላ ቀን የወጣ ሰገራ ይዘው እንደገና ይሂዱ።