ጽሑፉን ቆርጦ ልኩን መጠበቅ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ነኝ፣ የጉብኝት ፔጅ አለን። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ከቁም ቪዲዮ ላይ ስክሪንሾት አነሳሁ። ከታች ያለውን ጽሑፍ ቆርጬ ስለጥፈው ግን ሌላ ቦታ ይቆረጥብኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ «ዝም ብለሽ ክሮፕ አድርጊው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ያበላሸብሽ እሱ ነው። ጽሑፉን ብቻ ስታነሺ የሚቀረው ምስል ልኩ የትም አይገጥምም። ስለዚህ ስትለጥፊው አፑ ራሱ ከላይና ከታች ይከረክመዋል፤ የፏፏቴው አናት የሚጠፋው ያኔ ነው።

1ኛ፣ ልኩን አስቀድሚ። Crop ውስጥ ስትገቢ ፍሬሙን ከመንካትሽ በፊት 4:5ን፣ ማለትም ስፋቱ 4 ቁመቱ 5 የሆነውን ልክ፣ ምረጪ። ያለው 5:4 ብቻ ከሆነ እሱኑ ይዘሽ ወደ ቁም አዙሪው። ከዚያ በኋላ ጥጉን ስትጎትቺ ስፋቱና ቁመቱ አብረው ይሄዳሉ።

2ኛ፣ ስሌቱ። ስክሪንሾትሽ 1080 በ2400 ፒክስል ነው እንበል። ከላይ ሰዓቱ፣ ባትሪውና የአካውንቱ ስም እስከ 200 ይዘዋል፤ ጽሑፉ ከ1600 ይጀምራል። መሃል ላይ 1400 ንጹሕ ቁመት አለሽ ማለት ነው። ለ1080 ስፋት 4:5 የሚፈልገው 1350 ስለሆነ 50 ይተርፍሻል፤ ከጎን ምንም ሳትነኪ ከ225 እስከ 1575 ያለውን ውሰጂ። በኮምፒውተር ኢሜጅማጂክ የሚባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ካለሽ ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
magick in.png -crop 1080x1350+0+225 +repage out.png
```

ብዙ ስክሪንሾት በአንድ ትእዛዝ ስትቆርጪ ግን ተጠንቀቂ። የሰዓቱና የባትሪው መስመር ቦታውን አይለቅም፤ የቪዲዮው ጽሑፍ ግን መስመሩ ሲበዛ ወደ ላይ ይወጣል። ከ1400 ቢጀምር የሚቀርሽ 1200 ብቻ ነው። በ4:5 ስፋቱ 960 ይሆናል፤ ከየጎኑ 60 ታጫለሽ። በ1:1 ደግሞ ስፋቱ 1080 እንዳለ ሆኖ ከቁመቱ 120 ይሄዳል። ጢስ ዓባይ በክረምት ወደ ጎን የተዘረጋ ፏፏቴ ስለሆነ እዚህ ላይ ምርጫዬ 1:1 ነው፤ ዳርና ዳሩ ከተቆረጠ ግርማው ይጠፋል። ምስሉን ስቦ 4:5 ማስመሰል ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ውሃውም ከፊቱ የቆመውም ሰው ይቀጥናል።

በቀኝ በኩል የላይክና የኮመንት ምልክቶች ምስሉ ላይ ካረፉ መቁረጥ አያዋጣም፤ እነሱን ለማውጣት ፏፏቴውንም ትቀንሺያለሽ። ቲክቶክ ከሆነ ቪዲዮውን ተጭነሽ ያዢና Clear display የሚለውን ነክተሽ እንደገና አንሺ።

ከቆረጥሽ በኋላ የፋይሉን ዝርዝር ክፈቺና ቁመቱን ለስፋቱ አካፍዪ፤ 4:5 ከሆነ 1.25፣ 1:1 ከሆነ 1 ይወጣል። ለሥራ ባልደረባሽ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንዳይጨመቅ። የቪዲዮው ባለቤት ስም አብሮ ተቆርጧልና ፈቃዱን ጠይቀሽ ስሙን ፖስቱ ላይ ጻፊለት።